ስለ 5.27፦ ለፊዚክስ ትምህርት ክፍላችንና ለፈተና ኮሚቴው የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለትምህርት ቤታችን የፊዚክስ መምህራን፣ ለፈተና ኮሚቴው አባላትና ለምክትል ርዕሰ መምህራችን፤

በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ይህን ጉዳይ ባለፈው ስብሰባ ላይ ላነሳው ስሞክር «አጀንዳው ተዘግቷል» ተባልኩ። አጀንዳው ሲዘጋ የፈተና ወረቀቶቹ ግን ጠረጴዛዬ ላይ ተከፍተው ቀሩ። በአፍ ያልተሳካልኝን በጽሑፍ ልሞክር ብዬ ተቀመጥኩ። ደብዳቤውን ግልጽ ያደረግኩት በሌሎች ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩ ጓደኞቼም እንዲሁ ዓይነት ውሳኔ እንደገጠማቸው ስለነገሩኝ ነው፤ የእኛ ክርክር ለእነርሱም ይጠቅማቸው ይሆናል።

ውሳኔያችንን በአጭሩ ላስታውስ። በፈተናው የመጨረሻ ክፍል፣ ተማሪዎቹ «ወርክ አውት» በሚሉት፣ ሠርተው በሚያሳዩት ጥያቄ ላይ የመጨረሻው መልስ ከመልስ ቁልፉ ጋር ከገጠመ ሙሉ ነጥብ፣ ካልገጠመ ዜሮ። መሀል የለም። ምክንያቱም ተነግሮናል፦ እርማቱ ይፈጥናል፣ በመምህር እና በመምህር መካከል ልዩነት አይኖርም፣ «ለምን ለእርሱ ሰጥተው ለእኔ ከለከሉ» የሚል ክርክር ይቀራል። ሦስቱም ምክንያቶች ከአየር የመጡ እንዳልሆኑ አውቃለሁ። እኔም ሮስተር ሞልቼ ሳልጨርስ በር ላይ ከሚጠብቁኝ ወላጆች ጋር ስከራከር የዋልኩበት ጊዜ ብዙ ነው።

አሁን ጥያቄውን እንይ። 5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሳጥን ከአግድም 30 ዲግሪ ባዘነበለ ጣውላ ላይ ከዕረፍት ተነሥቶ ወደ ታች ይንሸራተታል። የሰበቃው ኮፊሸንት 0.2 ነው። 4 ሜትር ከተንሸራተተ በኋላ ፍጥነቱ ስንት ይሆናል? ተማሪው g = 10 m/s² ብሎ እንዲወስድ ተነግሮታል፤ ሳይን 30 እና ኮሳይን 30 ተሰጥተውታል፤ ካልኩሌተር ግን ወደ ፈተና ክፍል አይገባም። ጥያቄው 10 ነጥብ ይይዛል።

መልስ ቁልፉ ላይ ያለው መንገድ ይህ ነው። የሳጥኑ ክብደት 50 ኒውተን ነው። ጣውላውን ተከትሎ ወደ ታች የሚስበው ክፋይ 25 ኒውተን፣ ጣውላውን የሚጫነው ክፋይ ደግሞ 43.3 ኒውተን ይሆናል። ጣውላው ሳጥኑን መልሶ የሚገፋበት ኃይል፣ ማለትም ኖርማል ፎርሱ፣ ያው 43.3 ነው። ሰበቃው የእርሱ 0.2 እጅ፣ 8.66 ኒውተን ነው። 25 ሲቀነስ 8.66፣ 16.34 ኒውተን ይቀራል። ይህንን ለ5 ስናካፍል ፍጥነቱ በየሰከንዱ የሚጨምርበትን መጠን፣ አክስለሬሽኑን፣ 3.268 እናገኛለን። ከዚያ v² = 2as፣ 26.144፣ ስኩዌር ሩቱ 5.11 ሜትር በሰከንድ።

ከጠረጴዛዬ አናት ላይ ያለው ወረቀት የአንዲት ሴት ተማሪ ነው። ስሟን አልጠራም። ሳጥኑን በመስመሪያ አድርጋ ስላለች፤ አራት ቀስቶች አሉ፣ እያንዳንዱ ስም ተጽፎለታል፣ የሰበቃው ቀስት ወደ ላይ ይመለከታል። ከሥዕሉ ሥር ቁጥር ከማስገባቷ በፊት በፊደል እንዲህ ጽፋለች፦

```
mg sin θ − μ mg cos θ = ma
```

በዚህ መስመር ላይ የሚታረም ነገር የለም። ከዚያ ቁጥሮቹን አስገባች፤ 25፣ 43.3፣ 8.66፣ ሁሉም ትክክል። ቀጥላ በወረቀቱ ጠርዝ 25.00 ላይ 8.66ን ስትቀንስ ከ5 ላይ 1 ተበደረች። መቶኛውንና አሥረኛውን ቤት በትክክል አወጣችና 5 ጋ ስትደርስ ብድሩን ረሳች። 16.34 መሆን የነበረበት 17.34 ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ እንደገና ንጹሕ ነው፦ 17.34 ለ5 ሲካፈል 3.468፣ በ8 ሲባዛ 27.744። ስኩዌር ሩቱን በእጅ ለማውጣት በጠርዙ ላይ 5.2ን በ5.2 አባዝታ 27.04 አገኘች፣ 5.3ን በ5.3 አባዝታ 28.09 አገኘች፣ መልሱ በመሀላቸው እንደሆነ አይታ ወደ 5.27 ተጠጋች። አሃዱንም አልረሳችም። «5.27 m/s» ብላ አስምራበታለች። አጠገቡ በራሴ ቀይ እስክሪብቶ ዜሮ አለ።

ከሥር ያለው ወረቀት የክፍል ጓደኛዋ ነው። እርሱ ሥዕል አልሣለም። ኖርማል ፎርሱ ከክብደቱ ጋር እኩል ነው ብሎ 50 ኒውተን ወሰደ፤ ሰበቃው 10፣ ልዩነቱ 15፣ አክስለሬሽኑ 3፣ v² ደግሞ 24፣ መልሱ 4.90። ሒሳቡ አንድም ቦታ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ፊዚክሱ ነው፤ ያዘነበለ ጣውላ ሙሉውን ክብደት እንደማይሸከም አልገባውም። ይህ ልጅ ነገ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስለሚዞር መኪና ብትጠይቁት ያንኑ ስህተት ይደግመዋል። እርሷ ግን የምትደግመው ነገር የላትም፤ ነገ ብድሩን ታስታውሰዋለች። በሮስተሩ ላይ ሁለቱም ዜሮ ናቸው። ሮስተሩን ብቻ ይዤ ለማን ምን ላስተምር እንደሚገባኝ ማወቅ አልችልም።

ይህ የሚያሳዝን ከሆነ የሚከተለው የባሰ ነው። በከሰዓቱ ፈረቃ የተፈተኑት ልጆች እንዳይኮራረጁ ተብሎ ጥያቄው ያው ሆኖ ዝንባሌው ወደ 45 ዲግሪ ተለውጦላቸው ነበር። ከእነርሱ አንዱ ሳይንና ኮሳይንን አገላብጦ፣ ጣውላውን ተከትሎ የሚስበው ክፋይ mg cos θ፣ ጣውላውን የሚጫነው mg sin θ ነው ብሎ ጻፈ። በ30 ዲግሪ ላይ ይህ ስህተት ወደ 7.83 ይወስዳል፤ እኛም እንይዘዋለን። በ45 ዲግሪ ላይ ግን ሳይንና ኮሳይን እኩል ናቸው። ልጁ 6.73 አገኘ፤ የመልስ ቁልፉም 6.73 ይላል። አሥር ከአሥር። ሥራውን ሳያነብ መልሱን ብቻ ያየ አራሚ ይህንን ስህተት የሚያገኝበት መንገድ ጭራሽ የለውም። ይህንን የምጽፈው ያረመውን ባልደረባዬን ለመውቀስ አይደለም፤ በውሳኔያችን መሠረት በትክክል ነው ያረመው። (በነገራችን ላይ 45 ዲግሪን ከዚህ ዓይነት ጥያቄ ውስጥ ብናወጣው ጥሩ ነው። የሚፈትነው ነገር ግማሹን ይደብቃል።)

እንግዲህ የምለው ይህ ነው፦ ቁጥር ከመግባቱ በፊት በፊደል የተጻፈውን የመጨረሻ መስመር እንይ። ያ መስመር ትክክል ከሆነና ስህተቱ ከእርሱ በታች ባለ መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛት ወይም ማካፈል ውስጥ ከሆነ የሒሳብ መንሸራተት ነው፤ ዋጋው አንድ ነጥብ ይሁን፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይቀነስ። ያ መስመር ራሱ የተሳሳተ ከሆነ የፊዚክስ ስህተት ነው፤ በዚያ ደረጃ የተመደበው ነጥብ ይቀነስ።

ይህ መለያ ለአራሚውም ይጠቅማል፤ በመሀል ያሉትን አሻሚ ጉዳዮች ይፈታልና። ለምሳሌ የምልክት ስህተትን ውሰዱ። አንድ ተማሪ 25 ላይ 8.66ን ደምሮ 33.66 አገኘ እንበል። መደመርና መቀነስ ማምታታት ሒሳብ ይመስላል። በፊደል ባለው መስመር ላይ mg sin θ + μ mg cos θ ብሎ ከጻፈ ግን ሰበቃው ሳጥኑን ወደ ታች ይገፋዋል ማለቱ ነው፤ ይህ ፊዚክስ ነው፣ ቀላልም አይደለም። በፊደል መስመሩ ላይ የመቀነስ ምልክት ኖሮ ቁጥር ሲያስገባ ከደመረ ግን እጁ ነው የሳተው። ሁለቱ ልጆች 7.34 የሚል አንድ ዓይነት መልስ ይዘው ይመጣሉ፤ የሚለያቸው ከበላይ ያለው መስመር ነው።

ለዚህ ጥያቄ አሥሩን ነጥብ እንዲህ አከፋፍዬው ነበር፤ በስብሰባው ላይ ሳላነበው ቀርቻለሁ። ክብደቱን በሥዕል ወይም በጽሑፍ በሁለት ክፋይ መለየት 2። ኖርማል ፎርሱ mg cos θ መሆኑን ማሳየት 2። ሰበቃውን ከኖርማል ፎርሱ ማውጣት 1። ጣውላውን ተከትሎ የኒውተንን ሁለተኛ ሕግ መጻፍ 2። v² = 2as የሚለውን በቦታው መጠቀም 1። ቁጥሮቹን ያለ ስህተት ማስላት 1። የመጨረሻ መልስ ከነአሃዱ፣ ከራሱ ሥራ ጋር የተስማማ 1። በዚህ አከፋፈል ልጅቷ ለማስላት ከተሰጠው አንድ ነጥብ ውጪ ምንም አትጣም፤ 9 ታገኛለች። የመልሱንም ነጥብ የምሰጣት 5.27 ከራሷ 17.34 ተነሥቶ በትክክል የተደረሰበት ስለሆነ ነው። ጓደኛዋ ለኖርማል ፎርሱ የተሰጠውን 2 ያጣል፤ የክብደቱን አንዱን ክፋይ ብቻ ስላሳየ ከዚያም 1 ይቀነስበታል፤ 7 ያገኛል።

7 በዛለት የሚል እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም ሁለት ጊዜ አስቤበታለሁ። ነገር ግን የዚያ ልጅ ወረቀት ላይ ሰበቃን ከኖርማል ፎርስ ማውጣቱ፣ ሁለተኛውን ሕግ መጻፉ፣ የእንቅስቃሴውን እኩልታ መምረጡ እውነት ነው። ለአንድ ስህተት ሦስት ጊዜ መቅጣት አይገባም። ክፍተቱ ሰፋ እንዲል ከተፈለገ ለኖርማል ፎርሱ 3 መድቦ ከሌላው መቀነስ ይቻላል። ያ የነጥብ ድልድል ጉዳይ ነው፤ ፈተናው ከመሰጠቱ በፊት ተቀምጠን የምንወስነው። ስህተትን ወደ ታች ተከትሎ ማረም አዲስ ነገር እንዳልሆነም ታውቃላችሁ። የካምብሪጅ ዓለም አቀፍ ፈተናዎች የፊዚክስ ማረሚያ ለስሌቱ ደረጃዎችና ለመልሱ ነጥቡን ለይቶ ይመድባል፤ ከበላይ የመጣን የተሳሳተ ቁጥር ተማሪው በትክክል ከተጠቀመበት የበታቹን ነጥብ አይከለክለውም።

ደንቡ የማይሠራበትም ቦታ አለ። ሦስተኛው ወረቀት ይህንን ያሳያል። ተማሪው በፊደል የጻፈው መስመር ትክክል ነው፤ ነገር ግን 0.2ን በ43.3 ሲያባዛ ነጥቡን ረስቶ ሰበቃው 86.6 ኒውተን ሆነበት። 25 ሲቀነስ 86.6፣ ከዜሮ በታች 61.6። አክስለሬሽኑ ከዜሮ በታች 12.32። v² ከዜሮ በታች 98.56። እዚህ ላይ ስኩዌር ሩት አይወጣም፤ ልጁ ግን የመቀነስ ምልክቱን ድምፅ ሳያሰማ ጥሎ 9.93 ሜትር በሰከንድ ብሎ ዘጋው።

የመጀመሪያው ስህተት የነጥብ መሳት ነው፣ የሒሳብ መንሸራተት፣ አንድ ነጥብ። ምልክቱን መጣሉ ግን እንደዚያ አይደለም። ቆም ብሎ ቢያይ ጥያቄው ራሱ እየጮኸ ይነግረው ነበር፦ ኮፊሸንቱ 0.2 የሆነ ሰበቃ 50 ኒውተን ከሚመዝነው ሳጥን ክብደት እንኳ በልጦ 86.6 ሊሆን አይችልም። ሌላም መፈተሻ አለ። ጣውላው ፍጹም ለስላሳ ቢሆን፣ ሰበቃ ባይኖር ኖሮ፣ አክስለሬሽኑ 5 ይሆንና ፍጥነቱ የ40 ስኩዌር ሩት፣ 6.32 ይመጣል። ሰበቃ ያለበት ሳጥን ሰበቃ ከሌለበት ሊፈጥን አይችልምና ከ6.32 በላይ የወጣ መልስ ሁሉ የተሳሳተ ነው። 7.34ም፣ 7.83ም፣ 9.93ም በዚህ ወንፊት ይያዛሉ። የልጅቷ 5.27 ግን ያልፋል፤ ከዚህ ጣሪያ በታች ነውና ተገቢ መልስ ይመስላል። እርሷ መሳቷን ልታውቅ የምትችልበት ምልክት አልነበራትም፤ እርሱ ነበረው። ስለዚህ እርሱ የመልሱን ነጥብም ያጣል፤ 8 እሰጠዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከዓመታት በፊት ካረምኩት ወረቀት የተማርኩት ነው። አንድ ተማሪ እንዲሁ ከዜሮ በታች የሆነ v² ላይ ደረሰና ከሥሩ በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ይህ ሊሆን አይችልም፣ ሰበቃው በዝቷል፣ የት እንደተሳሳትኩ አላገኘሁም፣ ሰዓት አለቀ» ብሎ ጻፈ። ቁጥሩን አላስተካከለም። እኔ የመልሱን ነጥብ ሰጠሁት፤ ዛሬም እሰጠዋለሁ። በአሁኑ ውሳኔያችን ይህ ልጅ ምልክቱን ጥሎ 9.93 ከጻፈው ጋር እኩል ዜሮ ነው። እንዲያውም ተማሪዎቻችን ነገሩን እየተረዱት ነው፤ ያልገባቸውን ነገር አምኖ መጻፍ ምንም ስለማያመጣ ማንኛውንም ቁጥር ጽፎ መዝጋት ይመርጣሉ።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ።

«መሐንዲስ ሲሆኑ ድልድዩ ይወድቃል፤ ትክክለኛ ቁጥር ብቻ ነው የሚቆጠረው» ያለው ባልደረባዬ በ1999 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ የጠፋችውን የናሳን መንኮራኩር አንሥቶ ነበር። ምሳሌው ጥሩ ነው፤ ግን ከእርሱ ይልቅ ለእኔ ይመሰክራል። ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር የጠፋችው በምድር ያለው ሶፍትዌር የሞተሮቹን ግፊት በእንግሊዝ አሃድ ሲያወጣ፣ ተቀባዩ ወገን ደግሞ በኒውተን ሰከንድ ነው ብሎ ስለተጠቀመበት ነው። መደመር ወይም መቀነስ የሳተ ሰው አልነበረም። አደጋውን የመረመረው ቦርድም «ተሳስቷል» ብሎ አልተነሣም፤ ስህተቱ የት እንደገባና በጉዞው ወራት ሁሉ ለምን እንዳልተያዘ ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ተከትሎ ጻፈው። እኔም በወረቀት ላይ የምጠይቀው ይህንኑ ነው። ድልድይ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶችም ስሌቱን ለሁለተኛ ሰው ያስፈትሻሉ፤ እኛ ግን ካልኩሌተር የሌለውን የ17 ዓመት ልጅ ያለ ፈታሽ፣ በደወል፣ አንድ ጊዜ እናስቀምጠዋለን።

«ብሔራዊ ፈተናው ምርጫ ነው፤ እዚያ ለመንገድ ነጥብ የለም፤ ካሁኑ ይልመዱት» የሚለው ክርክር ብዙዎቻችሁን ያሳመነ ይመስለኛል። እውነት ነው፣ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና መልስ መምረጥ ነው። ግን ይህንኑ ጥያቄ ወደ ምርጫ እንለውጠው። አራቱን ምርጫዎች የሚያዘጋጅ ሰው ትክክለኛውን 5.11 ያስቀምጥና ሌሎቹን ከታወቁ ስህተቶች ያወጣቸዋል፦ ኖርማል ፎርሱን 50 ላለ 4.90፣ ሰበቃን ለደመረ 7.34፣ ሳይንና ኮሳይንን ላገላበጠ 7.83። ልጅቷ 5.27 ይዛ ስትመጣ ከአራቱ ውስጥ መልሷን አታገኘውም። ያን ጊዜ ወደ ጠርዙ ተመልሳ ቅነሳዋን ታያለች፤ ብድሯን ታገኘዋለች። ኖርማል ፎርሱን ያሳተው ልጅ ግን 4.90ን አግኝቶ ደስ ብሎት መርጦ ያልፋል። እንግዲህ ምርጫ ራሱ በእጇ ለሳተችው ሁለተኛ ዕድል ይሰጣታል። የእኛ ዜሮ ከምርጫም የጠነከረ ነው፤ ለዚያውም የልጁ አእምሮ የሄደበት መንገድ በዓይን የሚታይበት ብቸኛው ፈተና ላይ።

የጊዜው ጉዳይ ከሁሉም የሚከብደኝ ነው። ዘንድሮ አራት ክፍል ነው የማስተምረው፤ እያንዳንዱ ከ60 በላይ ልጅ አለው። ሁሉንም ወረቀት መስመር በመስመር ማንበብ አይቻልም የሚለኝን ሰው ውሸትህን ነው አልለውም። ነገር ግን ሁሉንም ማንበብ አያስፈልግም። ወረቀቱን ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ጥያቄ በጥያቄ ነው የማርመው፤ የሁሉንም ልጅ የዚህን ጥያቄ ሥራ በአንድ ተቀምጬ እጨርሳለሁ። መልሱ 5.11 ከሆነ በፊደል የተጻፈውን መስመርና ኖርማል ፎርሱን ብቻ ገርፌ አያለሁ። 4.90፣ 7.34 ወይም 7.83 ከሆነ ገና ሳላነብ የት እንደሳተ አውቀዋለሁ፤ ዓይኔን የምጥለው እዚያ መስመር ላይ ነው። ወደ ኋላ መከተል ግድ የሚሆነው እንደ 5.27 ያለ እንግዳ ቁጥር ሲመጣ ነው። ለአራት ክፍል ሁለት ማታ ይጨምርብኛል እንጂ ሳምንት አይጨምርብኝም። የሮስተር ማስገቢያው ቀን በሁለት ቀን ቢራዘም የሚጎዳ ሰው አለ?

አንድ ቁጥር ደግሞ ሁላችንም ልብ እንበል፦ 5.06። ይህ መልስ በሦስት ወረቀት ላይ አለ፤ ሦስቱም ዜሮ ተሰጥቷቸዋል። ልጆቹ g ን 9.8 ነው የወሰዱት፤ በመማሪያው ላይ የለመዱት እርሱን ነውና። በ9.8 ሲሠራ አክስለሬሽኑ 3.20፣ ፍጥነቱ 5.06 ይሆናል። መመሪያው 10 ውሰዱ ስለሚል አላነበቡም ብሎ ግማሽ ነጥብ መቀነስ ይቻላል፤ ግን ይህ የሒሳብም የፊዚክስም ስህተት አይደለም። ስለዚህኛው እንኳ መስማማት ካቃተን ስለ ሌላው ማውራት ትርፉ ድካም ነው።

ስለ ክርክሩና ስለ ልዩነቱ፣ እኔ ለልጅቷ 9 ሰጥቼ ሌላው መምህር ለመሰሏ 6 ቢሰጥ ወላጅ በር ላይ ይቆማል፤ ልክ ነው። መድኃኒቱ ግን ለሁለቱም ዜሮ መስጠት አይደለም። እርማት ከመጀመሩ በፊት አምስት ወረቀት መርጠን፣ ስም ሸፍነን፣ ሁላችንም ለየብቻ አርመን እናወዳድር። የት እንደተለያየን ያን ጊዜ ይታያል፤ ድልድሉን እዚያው እናስተካክላለን። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ነው። በጥያቄው ላይም አንድ መስመር ይጨመር፦ «ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት እኩልታውን በፊደል ጻፉ፤ ሥራ የሌለው መልስ የመልሱን ነጥብ ብቻ ያገኛል።» ይህቺ መስመር ከጎኑ ቀድቶ 5.11 ብቻ የሚጽፈውንም ልጅ ትይዛለች፤ አሁን እርሱ 10 ነው የሚያገኘው። ተማሪውም በሁሉም ጥያቄ ላይ ያንን የፊደል መስመር መጻፍ ሲለምድ የማረሙ ሥራ ለእኛ ይቀልላል።

የምጠይቃችሁ እንግዲህ ይህ ነው። ውሳኔው ለሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ይሻር፤ ለእያንዳንዱ ሠርቶ ማሳያ ጥያቄ የነጥብ ድልድል ከፈተናው ጋር አብሮ ተዘጋጅቶ ይጽደቅ። ለዘንድሮው ደግሞ ይህ አንድ ጥያቄ ብቻ እንደገና ይታረም። የእኔን ክፍሎች ወረቀት በሙሉ በዚህ ድልድል በእርሳስ አርሜ ጨርሻለሁ፤ በቀይ የጻፍኩትን አልነካሁም። የከሰዓቱን ፈረቃ የ45 ዲግሪ ወረቀቶች የሚያርምልን ሰው እንፈልጋለን፤ እዚያ ነጥብ የሚወርድባቸውም እንደሚኖሩ ከወዲሁ ለወላጆቻቸው መናገር ያስፈልጋል፤ ይህንን ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢያደርጉት ይሻላል።

ሮስተሩ የሚዘጋው ዓርብ ነው። ወረቀቶቹ በትምህርት ክፍላችን ቢሮ ከመስኮቱ ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ አሉ። የልጅቷ ከላይ ነው፤ ቅነሳዋ በቀኝ ጠርዝ ታገኙታላችሁ፣ በጣም ትንሽ አድርጋ ነው የጻፈችው።

ከአክብሮት ጋር፣
የ11ኛ ክፍል የፊዚክስ መምህር፣ ባልደረባችሁ